ከአንድ ስክሪንሾት አምስት ዝርዝር

በምሠራበት የእንግዳ መቀበያ አምስት ነን፤ የሳምንቱ ፈረቃ የሚደርሰን በቴሌግራም በሚላክ አንድ ስክሪንሾት ነው። ስም በግራ፣ ቀን ከላይ፣ በየሳጥኑ «ጧ»፣ «ከ» ወይም «ሌ»። ምስሉ ሲሰፋ ስሙ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ዓይንም ወደ ጎረቤት መስመር ይዘላል፤ በዚህም ሰው የቀን ሒሳቡን ያጣል። ስለዚህ ለየሰው ዝርዝር መጻፉን እኔ ያዝሁት።

አስቀድሜ እያንዳንዱን መስመር ከነስሙ ቆርጬ አወጣለሁ። ባዶውን ሳጥን «ዕረፍት» ብዬ ስለምጽፍ የማንም ዝርዝር ከሰባት ቀን አይጎድልም። በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በሳምንት 21 ነው፤ የአምስታችን ድምር 20 ከሆነ አንድ ፊደል አምልጦኛል ማለት ነው። ድምሩ ልክ ሆኖ ፊደሉ ወደ ማግሥቱ ተንሸራትቶ እንደሆነስ? ዝርዝሮቹን ጎን ለጎን አድርጌ በየቀኑ አንድ ጧት፣ አንድ ከሰዓት፣ አንድ ሌሊት መኖሩን አያለሁ።

የሚያጣላው «ሌ» ነው። «የረቡዕ ሌሊት» ሲባል አንዱ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ሌላው ለሐሙስ አጥቢያ ይመስለዋል (ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ!)። ስለዚህ «ረቡዕ ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ሐሙስ ጧት 12 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ።

የሁለት ሰዎች መስመር እንዳለ ቢለዋወጥብኝ ግን ቆጠራው አያጋልጠኝም። ለዚህ ሲባል ከዝርዝሩ ጋር የተቆረጠውን መስመር ለባለቤቱ እልካለሁ፤ ስሙን አይቶ ራሱ ያመሳክረው።