«ሼፕ አውጣልኝ» ከማለትዎ በፊት

አዳማ ውስጥ የሰርግ ወቅት ሲደርስ ፀጉር ቤቶች ይጨናነቃሉ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ «ሼፕ አውጣልኝ» ይላል፤ አስተካካዩም ቶንዶሱን አንስቶ የመንጋጋን አጥንት ተከትሎ ስለት የመሰለ መስመር ይሰራል። መንጋጋው ሰፊ፣ ጺሙ ሙሉ ለሆነ ሰው ይህ ያምራል። አገጩ ወደ ኋላ ለገባና ጺሙ ለተራራቀ ሰው ግን ያው መስመር ጉድለቱን አጉልቶ ያወጣዋል።

ምክንያቱ ጥላ ነው። ከጎን ስናይ አገጭ የት አልቆ አንገት የት እንደጀመረ የምንለየው ከመንጋጋ ስር ባለው ጥቁረት ነው። አገጩ የገባ ሰው ይህ ጥላ በተፈጥሮው ያንሰዋል። ምላጩ ከመንጋጋ ስር ያለውን ፀጉር ጠርጎ ሲያነሳው ባዶ ቆዳ ይጋለጣል፤ አገጭና አንገት አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ መስመሩ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሁለት ጣትን ደርቦ ከማንቁርት በላይ ማሳረፍ ነው፤ የላይኛው ጣት ያለበት ቦታ መሀል ነጥቡ ይሆናል። ከዚያ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮ ጀርባ በቀስታ እየጎበጠ ይወጣል። ሲለካ አንገት ቀና ይበል። ወንበር ላይ ወደ ኋላ ተጋድሞ የተሰመረ መስመር ቆዳው ስለሚሳብ፣ ሰውየው ቀና ሲል ከታሰበበት ቦታ አይገኝም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ27 ዓመት ሚኒባስ ሹፌር ነው እንበል፤ ከአዳማ ሞጆ ይመላለሳል። ሪዙና የአገጩ ፀጉር ደህና ነው፤ ጉንጩ ላይ ግን እዚህም እዚያም ብቻ በቅሏል፣ አገጩም ወደ ውስጥ ገብቷል። ሰርጉ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። መጀመሪያ ለአራት ሳምንት ከአንገቱ ስር በቀር ምንም አይነካም። ጺም በቀን ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ በአራት ሳምንት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የተጠቀለለ ፀጉር ስለሆነ ግን ከዚያ አጥሮ ነው የሚታየው። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው የሚላጩት ለዚህ ነው።

በአራተኛው ሳምንት ጉንጩ በ1 ቁጥር ማበጠሪያ፣ ማለትም በ3 ሚሊ ሜትር ይከረከማል። የተራራቀ ፀጉር ሲረዝም እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም ክፍተቱ ይጎላል፤ ሲያጥር ግን ከቆዳው ጋር ይቀራረባል። መንጋጋው በ2 ቁጥር፣ በ6 ሚሊ ሜትር ይያዛል። አገጩ ላይ ግን ቶንዶስ አይግባ። ሁለት ሳምንት ተጨምሮለት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ጫፉ በመቀስ ብቻ ይስተካከላል። እዚህ ጋ ስህተት ይበዛል፤ ፀጉሩ ወደ ታች ሾሎ ከወረደ ፊቱን ያረዝማል እንጂ አገጩን ወደ ፊት አያወጣም። ከስር ጠፍጣፋ ሆኖ ፊት ለፊት እንዲሞላ ነው የሚተወው።

ውጤቱን በመስታወት አይፍረድ። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ስልኩን በአገጭ ከፍታ ይዞ ከጎን ያንሳው። በራስ እጅ ከቅርብ የሚነሳ ፎቶ አፍንጫን ያሳብጣል፣ አገጭን ያሳንሳል።

የአገጩም ፀጉር ሳስቶ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሰራም። ሁሉንም በ3 ሚሊ ሜትር እኩል ማድረግ ወይም መላጨት ይሻላል። ሲላጭም በአዳማ ሙቀትና ላብ አንገት ላይ ምላጭን ደጋግሞ መጫን ፀጉሩ ወደ ቆዳ ተመልሶ እንዲገባና ብጉር እንዲያወጣ ያደርጋል። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው በቶንዶስ አሳጥሮ ይተወው። ምላጭ የግድ ከሆነ ደግሞ ፊቱ እያየ ከወረቀቱ የወጣ አዲስ መሆን አለበት።

ፀጉር ቤት የማይፈታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ድሮ ሙሉ በነበረ ጺም ላይ ድንገት የመጣ ክብና ልሙጥ ባዶ ቦታ ነው። ይህ ላሽ ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ሽፍታ፣ ቅርፊት ወይም ማሳከክ ካለው ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል። በቀለም ሸፍኖ መቆየት ሕክምናውን ያዘገያል።

ሁለተኛው ወደ ኋላ የገባው አገጭ ራሱ ነው። የታችኛው መንጋጋ ሲያንስ ምላስ ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያው ሊጠብ ይችላል። ያ ሹፌር ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ የሚባንን፣ ቀን ደግሞ መሪ ላይ የሚያንጎላጅ ከሆነ ጉዳዩ የፎቶ አይደለም። ከሰርጉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የጫናቸው ተሳፋሪዎችም አሉና።