‹‹ጋሼ፣ የቱ ይሻላል?››

የእህቴ ልጅ ከአቦምሳ አሥራ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ማታ ሦስት ሰዓት አልፏል። ስልኬ ተደጋግሞ ሲጮህ ‹‹የምን መርዶ ነው!›› ብዬ ብድግ አልኩ። ብከፍተው ልጁ ሱፍ ለብሶ ቆሟል። የሚቀጥለውም ላይ ሱፍ ለብሶ ቆሟል። ሌላው ላይ ደግሞ በሸሚዝ። ከሥር አንድ መስመር ጽፏል። ‹‹ጋሼ፣ የቱ ይሻላል? ሐሙስ አዳማ ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ።›› (እኔ እስከዛሬ ናዝሬት ነው የምለው። እነሱ አዳማ ይላሉ። የከተማው ስም አዳማ ነውና የተሸነፍኩት እኔ ነኝ።)

ልጁ በአካውንቲንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው። የጠራው ባንክ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ለስንት ቦታ እንዳመለከተ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ፊት ለፊት የተጠራው ግን አሁን ገና ነው። እናም የፎቶው ነገር ቀልድ አልነበረም።

ምርጫዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የምረቃ ሱፉ ነው፤ እህቴ ዕቁብ ሲደርሳት የገዛችለት። ያኔ የቤቷ ጣሪያ ያፈስ ነበር። ቆርቆሮውን ተወችና ሱፍ ገዛች። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት ለጓደኛው ሚዜ ሲሆን የለበሰው፣ ጠበብ ያለ፣ ብልጭልጭ የሚል ሱፍ። ሦስተኛው ነጭ ሸሚዝና ሱሪ ብቻ።

እኔም አላመነታሁም። ‹‹የሚዜውን!›› ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ በፎቶው ላይ ሌላ ሰው ሆኗል። ቁመቱ ረዝሟል፣ ትከሻው ቀጥ ብሏል፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት ነው የሚመስለው። በእናቱ ሱፍ የተነሳው ግን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ እግሩ አጭር፣ ፊቱ ቢጫ።

ጠዋት ሻይ ስጠጣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። አንድ ልጅ በአንድ ማታ እግሩ እንዴት ያጥራል? ፎቶዎቹን ይዤ ሰፈራችን ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ሠላሳ ዓመት ከመኪናው ፊት ያልተነሳ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስልኬን አገላበጠና ሳቀ። ‹‹አንተ የመረጥከው ሱፉን አይደለም፣ ፎቶ አንሺውን ነው›› አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚዜውን ሱፍ ያነሳው ጓደኛው ነው፤ ደጅ፣ በቀን፣ ቁጢጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ። ከታች ሲነሳ እግር ይረዝማል። የእናቱን ሱፍ ያነሳችው ታናሽ እህቱ ናት፤ ማታ፣ አምፖል ሥር፣ ወንበር ላይ ወጥታ፣ አንድ እርምጃ ከማይሞላ ቦታ። የስልክ ካሜራ ከቅርብ ሲነሳበት ለመስተዋቱ የቀረበውን ነገር ያገዝፋል፣ የራቀውን ያሳንሳል። ከላይ ሲሆን ጭንቅላት ይገዝፋል፣ ጫማ ይጠፋል። ቢጫውም የአምፖሉ ነው እንጂ የልጁ ጉበት አይደለም። ሦስተኛውን ደግሞ ራሱ በመስታወት ነው ያነሳው፤ የሸሚዙ ኪስ ከግራ ወደ ቀኝ ዞሯል፣ አቆላለፉም ተገልብጧል። እኔማ ‹‹የእህቱን ሸሚዝ ነው እንዴ የለበሰው?›› ብዬ ነበር፤ የወንድ ግራው በቀኙ ላይ፣ የሴት ቀኙ በግራው ላይ እንደሚቆለፍ የማውቀው ያህል።

ሰፊው ያለኝን እንዳለ ለልጁ ጻፍኩለት። ከቤት ውጣ፤ ጥላ ያለበት ግድግዳ ፊት ቁም፤ ፀሐይ ላይ አይደለም። ስልኩ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ በደረት ቁመት ይያዝ፤ ካነሰ ኋላ ይጎተታል። ያው አንድ ሰው፣ ያው ቦታ፣ ያው ጫማ። እጅህን ዝቅ፣ ትንፋሽህን ልቀቅ። ለእያንዳንዱ ልብስ አራት ፎቶ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ እና ተቀምጠህ።

‹‹ተቀምጬ ለምን?›› አለ።

‹‹ቆመህ ነው እንዴ የሚጠይቁህ?›› አልኩት። ይቺም የኔ አይደለችም፣ የሰፊው ናት።

እኩለ ቀን ላይ አሥራ ሁለቱ ፎቶዎች ደረሱ። አሁን ልጁ በሁሉም ላይ ያው ልጅ ነው፤ የሚለያየው ልብሱ ብቻ ነው። ሰፊው የፊቱን ፎቶ እንደ ዋዛ አለፈው። ‹‹ፊትማ ሁሉም ያሳምራል። ሱቅ የምታየውን አሻንጉሊት ከኋላው ዞረህ ብታየው እኮ በመቆንጠጫ ተይዞ ነው።›› የኋላውንና የተቀመጠውን ነው አጉልቶ ያየው።

የሚዜው ሱፍ ወደቀ። ቆሞ ከፊት ሲታይ እንኳ ከተቆለፈችው ቁልፍ ግራና ቀኝ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጭምድድ ወጥቷል፤ ጨርቁ ‹‹ልቀቀኝ›› እያለ ነው። ከኋላ ደግሞ ስንጥቁ አፉን ከፍቷል። ሲቀመጥማ ነገሩ ለየለት። ሱሪው ከካልሲው በላይ ወጥቶ ባዶ ቅልጥሙ ታየ፣ የጎን ኪሶቹ እንደ ጆሮ ተከፈቱ። ደጅ በጥላ ሲነሳም ብልጭልጩ ከባንክ ይልቅ ለሙሽራ መኪና የሚሆን ነው። የእጅጌው ላይ ማርካም አልተነሳም! ሰፊው ይሄን ሲያይ ነው የተናደደው። ያቺ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ እንድትታይ የተሰፋች ናት፤ ልብሱ ሲገዛ ትፈታለች። ስንጥቁ ላይ በኤክስ የተሰፋው ክርም እንደዛው፤ እንዳይከፈት ለመንገድ የታሰረ እንጂ ጌጥ አይደለም። ከሰዉ ግማሹ ማርካውን እንደ ማዕረግ ይዞት ይዞራል።

ቀጥሎ የእናትየው ሱፍ። እዚህ ላይ ሰፊው ዝም አለ። ጨርቁ ደህና ነው፣ ከሁሉም ይሻላል። ግን የትከሻው ስፌት ከትከሻው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ክንዱ ላይ ነው ያረፈው፤ ከሥሩም ጎድጓዳ ሠርቷል። እጅጌው የአውራ ጣቱን ግማሽ ሸፍኗል። ‹‹በጎኑ ግድግዳ ይጠጋና ፎቶ ይላክ›› አለ። ላከ። የኮቱ ትከሻ ግድግዳውን ነክቷል፣ ክንዱ ግን ገና አልደረሰም። ልኩ ቢሆን ሁለቱም አብረው ይደርሱ ነበር።

‹‹አይስተካከልም?››

‹‹እጅጌ ይቆረጣል፣ ወገብ ይጠባል፣ ሱሪ ያጥራል። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ትከሻ ግን እጅጌውን ነቅለህ፣ ስፖንጁን አውጥተህ፣ እንደገና መስፋት ነው። ለዚያ የምትከፍለው ሌላ ኮት ይገዛል። ትከሻውን ብታጠበው እንኳ ኪሱና ርዝመቱ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል።››

በመጨረሻ የወሰንነው እንዲህ ነው። የእናቱ ሱፍ ሱሪ፣ ወገቡ ከኋላ ጠብቦ፣ ርዝመቱ ጫማው ላይ አንዴ ብቻ እስኪታጠፍ ተቆርጦ። ከላይ ነጩ ሸሚዝና ክራቫት። የሸሚዙ ትከሻ ልክ ነው፣ ኮሌታው ተቆልፎ ሁለት ጣት ያስገባል። ያለ ኮት። ለባንክ ኮት የለበሰ ይመረጣል የሚል ካለ አልከራከርም። ነገር ግን እጅጌው እጁን የዋጠው ሰው ሲጨብጡት ገና የሌላ ሰው ልብስ መዋሱን ያስባሉ። ኮት የሌለውን ግን የአዳማ ሙቀት ይከራከርለታል።

አሁን የቀረው ለእህቴ መንገር ነው። እሷ ደግሞ ታላቄ ናት።

‹‹እትዬ፣ ሱሪውን ይለብሳል፣ ኮቱን ግን…››

‹‹ኮቱ ምን ሆነ?››

‹‹ትከሻው ሰፍቶታል።››

‹‹ያድግበታል ብዬ ነዋ!››

‹‹እትዬ፣ ልጁ እኮ ሃያ አራት ዓመቱ ነው።››

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ‹‹ሃሎ፣ ሃሎ›› አልኩ። የመጀመሪያውን የተማሪ ጫማም እንዲሁ ሁለት ቁጥር አስበልጣ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፋ ነው ያለበሰችው። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ኮቱን ስትገዛ የከፈለችውን ሳይሆን ያልከደነችውን ጣሪያ ነው ያሰብኩት።

‹‹ለማንኛውም ይዞት ይምጣ›› አለችና ዘጋች።

ረቡዕ መጣ። ኮቱ በፌስታል፣ በካውያ ተተኩሶ፣ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ። በአምፖል ፎቶ ጥቁር ያልነው ሱሪ በቀን ብርሃን ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። ሰፊው ‹‹ስፌት በፎቶ ይታያል፣ ቀለም ግን አይታመንም›› ብሎ ጫማና ቀበቶውን አስወጥቶ ደጅ ላይ አስተያየ፤ ሁለቱም ጥቁር ስለሆኑ ከሰማያዊው ጋር ይሄዳሉ። ወገቡን ልጁን አስቀምጦ ነው የለካው።

ሐሙስ ሸኘሁት። ኮሪደሩ ላይ ስድስት ልጆች ተቀምጠዋል። አንዱ የእጅጌ ማርካውን አልፈታም። ልንገረው አልንገረው እያልኩ ሳመነታ ተጠርቶ ገባ፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የእኛው ልጅ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ወጣ።

‹‹ምን አሉህ?››

‹‹ሁለት ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር ጠየቁኝ።››

‹‹ስለ ልብስ ምንም?››

‹‹ኧረ ጋሼ፣ ማን ያየዋል!››

እኔም ሌላ መልስ አልፈለግኩም።

ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ እህቴ ናት። ‹‹ፎቶ አንሱና ላኩልኝ። በሱፉ!›› እኔና ልጁ ተያየን። ሰፊው ጋ ተመለስን። ልጁ ኮቱን ለበሰ። ሰፊው ከጀርባው የተረፈውን ጨርቅ ሰብስቦ በሦስት የልብስ መቆንጠጫ ያዘው። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፍን። ሰፊው ያ ሰፊ ትከሻ እንዳይታይ ልጁን ትንሽ በጎን አዞረው። እኔ ቁጢጥ ብዬ ከታች ወደ ላይ አነሳሁት።

መልሱ ወዲያው መጣ። ‹‹ይኸው! አላልኩም? ልክክ ብሎበታል።››