«ተበላሸ» ያልኩበት ሐሙስ

ቀበና ድልድይ አጠገብ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ቤቴ፣ ያን ሐሙስ ማምሻውን አንድ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ እርጥቡን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። የጥለቱ ቀይ ክር ቀለሙን ለቆ ነጩን ጨርቅ ከወገብ በታች ሮዝ አድርጎታል። ከአንሶላ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጎ ቀለም መልቀቅ አለመልቀቁን ማየት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላየሁም።

የቀሚሱ ባለቤት መጡ። አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ፈትሉ የሟች እናታቸው ነው፤ ቅዳሜ ልጃቸውን ሊድሩበት ነበር።

«እማማ፣ ይረጋጉ፤ ቀለሙ ለቆ ነው የተበላሸው» አልኩ።

«ራሱ ተበላሸ? እግር አውጥቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ገባ?» ጩኸታቸውን ሰምቶ ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ጉልበቴ ከዳኝ። እሳቸው እያለቀሱ ሄዱ፤ ማታ በስልኬ መልእክት መጣ፦ «የእናቴን እጅ ነው ያጠፋህብኝ። ነገ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ።»

መጀመሪያ የጻፍኩት መልስ «ይቅርታ፣ ግን ሲያስረክቡ ቀለም እንደሚለቅ አልነገሩንም» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ አልነገሩኝም። ድምፄን አውጥቼ ሳነበው ግን ከእሳቸው ጋር የምሟገት መሰለኝ፤ አጠፋሁት። «ካስከፋሁዎ ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ እያየ ያለቀሱትን ሴት «ካስከፋሁዎ» ማለት ማዘናቸውን መጠራጠር ነው፤ እሱንም አጠፋሁ። ማምሻውን ያቃጠላቸው «ተበላሸ» የምትለዋ ቃል እንደሆነች ያኔ ገባኝ፤ አድራጊ የላትም። የላክሁት ይህን ነው፦

«እማማ፣ የእናትዎን ፈትል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሳልሞክረው በሙቅ ውሃ አጠብኩት። ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ይህን ስላደረግሁብዎ ቢቆጡ እውነትዎን ነው። ሙቀት ቀለሙን እንዳያጸናው አልተኮስኩትም፣ አላደረቅኩትም፤ አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ውሃውን እየቀያየርኩ አድራለሁ። ሙሉ በሙሉ ይለቃል ብዬ ቃል አልገባም። ነገ 6 ሰዓት ላይ ያለበትን ያዩታል፤ ካልሆነ ሽሮ ሜዳ አብረን ሄደን ሌላ በእኔ ወጪ እንገዛለን። የእናትዎን እንደማይተካ አውቃለሁ።»

መልእክቱን አንብበው ብዙ ቆዩ። የዚያን ዝምታ ያህል የከበደኝ ነገር የለም። ከዚያ «ውሃውን ስንት ጊዜ ቀየርከው?» ብለው ጻፉ።

«ሦስቴ። አሁንም ሮዝ ነው።»

«እስኪጠራ እንዳትተው።»

ሰባተኛው ላይ ውሃው ጠራ። በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ ብቻቸውን መጡ። በግራ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ሮዙ ፈዝዞ ቀርቷል። በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «እዚህ ጋ ነጠላው ይወርድበታል» አሉ። ሽሮ ሜዳ አልሄድንም። ቅዳሜ ሙሽሪት ስትወጣ እሳቸው ያንኑ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን በግራ በኩል ዝቅ አድርገው፣ በደጄ አለፉ።