ስሙን ቀይራ ሐይቁን ረሳችው

ልጆች፣ ዘንድሮም «ቲቸር ድርሰቴን እይልኝ» እያላችሁ ኢንቦክሴን ሞልታችሁታል። አያለሁ። መጀመሪያ ግን ይቺን ስሙኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንዷ ተማሪዬ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታመለክት የመጨረሻውን ንባብ ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። ቴንሱን አስተካከልኩ፣ አርቲክሉን ለቀምኩ፣ «አሪፍ ነው፣ ላኪው» አልኳት። በማግስቱ ስታየው፣ «ለምን እኛን መረጥሽ» ለሚለው ጥያቄ በሰጠችው መልስ ውስጥ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ስም ቁጭ ብሏል። ኮመን አፕ ላይ ደግሞ አንዴ ለአንድ ግቢ የተላከ መልስ አይታረምም። አልተቀበሏትም። ምክንያቱን አይነግሩም፤ እኔ ግን ያንን ስም ሁለቴ አንብቤ አልፌዋለሁ። ሰዋስው እያደንኩ ስለነበር ስሙ ዓይኔ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ወዲህ ስሙን ለብቻው ነው የምፈልገው። Ctrl+F ተጭኜ University፣ ከዚያ College፣ ከዚያ የሌሎቹን ግቢዎች ስምና አጭር መጠሪያ እየጻፍኩ የወጣውን ሁሉ አያለሁ። ፍለጋው የማያገኘውም አለ። እሷ ለካ በሌላ ቦታ ስሙን ቀይራ «ሐይቁ ዳር እየተቀመጥኩ አነባለሁ» የሚለውን ትታው ኖሯል። አዲሱ ግቢ ሐይቅ የለውም! ከተማ፣ የፕሮፌሰር ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የፋይሉ ስም ሳይቀር እዩ። ለሁሉም በሚላከው ባለ 650 ቃል ዋና ድርሰት ውስጥማ የማንም ስም መኖር የለበትም።

ስም ሲቀየር አርቲክልም ይበላሻል። «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሚሺጋን» ፊት «ዘ» ይገባል፣ «ቦስተን ዩኒቨርሲቲ» ፊት አይገባም። ስሙን ብቻ የተካ ልጅ «ዘ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ይልካል። (ኦሃዮ ስቴት ግን «ዘ»ን የስሙ አካል አድርጓታል፤ እንዲያውም በ2022 ልብስ ላይ ለመጠቀም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቧታል።) ሌላው የእኛ ችግር «ተማሪ ነኝ» ስንል ከተማሪ በፊት ምንም ስለማንል «አይ አም ስቱደንት» ብለን ማለፋችን ነው። የሚቆጠር ነጠላ ስም ራቁቱን ቆሞ ካያችሁ፣ እዚያ ጋ ቁሙ።

ቴንስ ላይ ችግሩ የሚመጣው ታሪኩ ሲሞቅ ነው። በአማርኛ ስናወራ «ገባሁ፣ አየሁት፣ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ያየኛል» እንላለን፤ ማንም አይደናገርም። እንግሊዝኛው ላይ ግን ባለፈ ጊዜ ጀምራችሁ መሀል ላይ ወደ አሁን ትዘላላችሁ። ግሦቹን አስምሩባቸውና እያንዳንዱን «መቼ?» በሉት። እናትህ ያን ዕለት ሌሊት ተነስታ ከሆነ ያለፈ ነው። ዛሬም እንጀራ የምትሸጥ ከሆነ ግን ያኛው ግሥ አሁን ላይ ይቆያል፤ ሁሉንም ወደ ያለፈ ጊዜ እየቀየራችሁ የእናታችሁን ሥራ አታስቁሙ።

ቴንሱንና አርቲክሉን እኔም አያለሁ። ስሙን ግን ፈልጋችሁ ላኩልኝ። የምታመለክቱበትንም ግቢ ከላይ ጻፉልኝ፣ ካልሆነ እንደገና ማለፌ ነው።