የአባዬ ድምፅ ያለበት ጠባብ መስመር

አባዬ በቤታችን ቪዲዮዎች ውስጥ አይታይም። ካሜራውን የሚይዘው እሱ ስለነበር፣ በአሥራ አንዱ ካሴት ላይ የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ሲታዩ የእሱ ፊት አንድም ጊዜ አይመጣም። ድምፁ ግን ከሁሉም ሰው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ማይክራፎኑ ካሜራው ላይ የተተከለ በመሆኑ ከአፉ የሚርቀው ጥቂት ስንዝር ብቻ ነበር። የሌላው ሰው ጨዋታ ከሩቅ ሲመጣ፣ የእሱ “እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ”፣ “ወደ ብርሃኑ ዙሪ፣ ፊትሽ ጨለመ” የሚለው ትእዛዝ ጆሮ ስር ነው።

ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ላስገባ ብዬ የተነሳሁት ለዚሁ ነው። ፊቱን በፎቶ እናየዋለን፤ ድምፁ ግን ከነዚያ ካሴቶች በቀር የትም የለም። እማዬ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ግላኮማ ዓይኗን ከወሰደው ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል። ለእሷ የፎቶ አልበም አሁን ምኗም አይደለም።

ካሜራውን በ1984 ዓ.ም. ከዱባይ ያመጣለት ወንድሜ ነው። በትከሻ የሚያዝ፣ ሙሉውን የቪዲዮ ካሴት የሚውጥ ትልቅ ነገር ነበር። ያኔ ቤታችን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። አባዬ በ1990 ዓ.ም. በልብ ድካም ሲያርፍ ካሴቶቹ ቡፌው ታችኛ መሳቢያ ውስጥ ቀሩ። ቡፌው ከእኛ ጋር ወደ አያት ሲዛወርም እንደተዘጋ ተጫነ። ክረምት በገባ ቁጥር እርጥበቱን ሲጠጡ ኖረዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ችግር ዴክ ማግኘት ነበር። የመጨረሻው ታዋቂ የዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ምርቱን ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚገኝ ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ጎማው የላላ፣ ውስጡ አቧራ የጠጣ። እኔ ያገኘሁት ገርጂ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ነው። ሰውየው ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ልጁን ክሊኒካችን አምጥቶ የሚያውቀኝ ነው። “ሲስተር፣ ዴኩን አከራይዎታለሁ፤ ግን መጀመሪያ ካሴቶቹን ልያቸው” አለኝ።

አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ በካሴቱ ላይ ባለችው መስታወት በኩል ክሩን አየ። ሦስቱን ለይቶ አስቀመጠ። በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ነበረባቸው። ሻጋታ መሆኑን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታው ክሩን እርስ በርስ ስላጣበቀው ሊበጠስ ይችላል። ባይበጠስ እንኳ ዱቄቱ የሚያነበው ክፍል ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ካሴት ያበላሻል። በሽታው በዕቃው በኩል ከታማሚ ወደ ጤነኛ ተዛመተ እንደማለት ነው፤ ይህን እንኳ በደንብ አውቀዋለሁ። ሦስቱን በየፌስታላቸው ለየብቻ አስረን አቆየናቸው።

ከስምንቱ ሰባቱ ያለ ብዙ ጣጣ ገቡ። ከዴኩ ጀርባ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ይወጣል፤ ቢጫው ምስሉን፣ ሌሎቹ ድምፁን ይዘው በትንሽ ማገናኛ በኩል ላፕቶፕ ውስጥ ይገባሉ። ሥራውን የሚያውቀው የልጅ ልጄ ነው፤ የእኔ ድርሻ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ማፋጠን የሚባል ነገር የለም። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀመራል። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላዬን ሰጥቼዋለሁ፤ አልተቆጨሁበትም።

ስምንተኛው አባዬ በእጁ “ፋሲካ 1989” ብሎ የጻፈበት ነው። ይህ ካሴት ባዶ ነው ተብሎ ሲታለፍ የኖረ ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ እኔ ከአዲስ አበባ ውጭ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛ ስለነበርኩ ቤት አልነበርኩም። በኋላ ስጠይቅ “ካሜራው አልቀዳም” ነበር መልሱ። አሁንም ዴኩ ውስጥ ስናስገባው ሰማያዊ መደብ ብቻ መጣ፤ ድምፅም የለም። የልጅ ልጄ ሊያወጣው እጁን ሲዘረጋ ጠጋኙ፣ ያን ቀን ዴኩ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብሎ ቤት መጥቶ ነበር፣ “ቆይ” አለ። የዴኩን ማውጫ ከፍቶ BLUE BACK የሚለውን አጠፋው። ሰማያዊው ሄደና ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ እንደ ዝናብ መውረድ ጀመረ። ከዝናቡ ሥርም አባዬ፣ “...ይሄ ለሲስተር ነው፤ ሥራ ላይ ናት፣ ስትመጣ ታየዋለች” ሲል ሰማሁት።

ለጊዜው የትኛውንም ማብራሪያ የሚሰማ ጆሮ አልነበረኝም። ቡና ከጠጣን በኋላ ግን ሰውየው አንድ የተበላሸ ካሴት ከኪሱ አውጥቶ ክሩን እየሳበ አስረዳኝ፤ እኔም ለእናንተ የማስተላልፈው ይህንን ነው። ክሩ ስፋቱ ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ምስሉ የሚጻፈው መሐሉ ላይ ነው፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ከበሮ ላይ የተተከሉ ደቃቅ ሄዶች በሰያፍ መስመር ይጽፉታል። ድምፁ ግን እዚያ የለም። ለብቻው፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል፣ አንድ ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀጥተኛ መስመር ላይ፣ የማይንቀሳቀስ ሌላ ሄድ ይጽፈዋል። በዚያ ፋሲካ የአባዬ ካሜራ ከበሮ በአቧራ ተሸፍኖ ስለነበር ምስሉ ክሩ ላይ ሳይቀመጥ ቀረ። የድምፁ ሄድ ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ እሱ ሥራውን ሲሠራ ውሏል። ዴኩ ደግሞ ምስል ሲያጣ ካሴቱን ባዶ ይመስለውና ሰማያዊ መጋረጃ ያወርዳል። አንዳንዱ ዴክ ድምፁንም አብሮ ይዘጋል። የእኛን ቤተሰብ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያሰኘን ያ መጋረጃ ነው።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ክሩ ላይኛው ጠርዙ ላይ ከተሸበሸበ ወይም ከታጠፈ ምስሉ አምሮ እየታየ ድምፁ ይጠፋል። ስለዚህ የሰው ድምፅ የሚፈልግ ሰው ካሴቱ ሲጠገን ጠርዙን እንዲጠብቁለት አስቀድሞ ይናገር። የእጅ መዳፍ የሚያህሉት፣ ባለ ስምንት ሚሊ ሜትሮቹ ካሴቶች ያሏችሁ ግን ይህ አይሆንላችሁም፤ በእነሱ ድምፁም በዚያው ከበሮ በኩል ከምስሉ ጋር ተደርቦ ስለሚጻፍ፣ አንዱ ሲሄድ ሌላውም ይሄዳል።

ፋሲካው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። አባዬ በረንዳው ላይ ቆሞ ያወራል፣ ልጆቹን ይጠራል፣ የበጉን ዋጋ ያማርራል። በወረፋ ምስል የሚያነሳ ስለሚመስለው ለእያንዳንዱ ሰው “ለሲስተር ሰላም በላት” ይላል፤ እኔም ስንቱ ሰላም እንዳለኝ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሰማሁ። ሁለተኛ ስሰማው ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ መሐል ላይ ይቆማል፤ ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ሳላስበው የእጅ ሰዓቴን ማየት ጀምሬ ነበር። ዝም ባለበት አንድ ደቂቃ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። ጤነኛ አዋቂ ዕረፍት ላይ ሆኖ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ነው የሚተነፍሰው። ከማረፉ ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑ ነው። ያንን ትልቅ ካሜራ ተሸክሞ ነበር፣ ደረጃም ወጥቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ተከራከርኩ። በስልክ ስንነጋገር “ደህና ነኝ” ይለኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ስልክ ደግሞ ቶሎ ይዘጋል።

የልጅ ልጄ በበጎ አሳብ፣ “እማማ፣ ይሄን ሹሹታና ትንፋሽ በፕሮግራም ላጥፋው፤ ጥርት ይላል” አለኝ። ሞክሮም አሰማኝ። እውነትም የክሩ ሹሹታ ጠፋ። ግን ትንፋሹም አብሮ ሄደ፤ ለማሽኑ የካሴት ሹሹታና የሰው ትንፋሽ ያው አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። “ሲስተር” የሚለው ቃል ላይ ያሉት ሁለት “ስ”ዎችም ደንዝዘው፣ አባዬ ጥርስ የሌለው ሰው መሰለ። አባዬ ደግሞ በጥርሱ የሚኮራ ሰው ነበር። ስለዚህ እንደወጣ ያለውን፣ ምንም ያልተነካውን፣ ለብቻው አስቀመጥን፤ የጸዳውን ለሚፈልግ ዘመድ ሌላ ቅጂ አደረግነው። ዋናው ፋይል ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ አንዱ እኔ ዘንድ በሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ውጭ አገር ወንድሜ ዘንድ። ቪዲዮውን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ “እንደ ፋይል” ብላችሁ ላኩት፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከላካችሁት ጨምቆ ያሳንሰዋል።

ለእማዬ ትንፋሹ ያለበትን ላሰማት ወይስ የጸዳውን በሚለው ላይ ከእህቴ ጋር ተጨቃጭቀናል። እህቴ፣ “ታማ ታስታምመው የነበረችው እሷ፤ እንደገና ለምን?” አለች። እኔ ደግሞ ያን ትንፋሽ አርባ ዓመት አጠገቡ ተኝታ የሰማች ሰው ቢጠፋባት እሱ አይመስላትም አልኩ። ያልተነካውን ወሰድኩላት።

ነጠላዋን ተከናንባ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ሰማች። ትንፋሹ ላይ ስትደርስ ምንም አላለችም፤ እጇ ብቻ መቁጠሩን አቆመ። ትንሽ ቆይቶ አባዬ ከበረንዳው ወደ ማዕድ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ወጡ ደረሰ ወይ?” አለ። ካሴቱ ላይ መልስ የለም፤ ከማዕድ ቤት የመጣው ድምፅ ለማይክራፎኑ ሩቅ ነበር።

“ጨው ብቻ ነው የቀረው” አለች እማዬ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ትጠይቀኛለች፤ ስልኬ ላይ አለ። የሻገቱት ሦስቱ ገና ናቸው። ጠጋኙ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ፣ ደጅ አውጥተን አምስቱን ብሎን ፈትተን፣ ክሩን ወደ ንጹሕ ካሴት አዛውረን በእጅ እየጠቀለልን እንጠርገዋለን ብሎኛል። ጥጥ ግን እንዳላመጣ አስጠንቅቆኛል፤ ክሩ ላይ ጭረት ይተዋል፣ ቃጫውም ይቀራል ይላል። ጭምብሉንና ጓንቱን እኔ አዘጋጅቻለሁ። ከሦስቱ በአንዱ ላይ “የእማማ ልደት” ተብሎ ተጽፏል።