እሺታው በፖስታ

የካቲት 2 ቀን 2017፣ እሑድ

የሁለቱ ወንድማማቾች የውርስ ቤት ጉዳይ ዛሬም ሳይቋጭ ቀረ። የሽምግልናችን አራተኛ ቀጠሮ ነው። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ታላቅየው የወንድሙን ድርሻ በ1.8 ሚሊዮን ብር ልግዛ ይላል፤ ታናሹ ከ2.6 ሚሊዮን አልወርድም ብሏል። ሁለቱም የየደላላቸውን ቃል ይዘዋል፤ አንዱ ደላላ ቤቱን 3.6፣ ሌላው 5.2 ሚሊዮን ያወጣል ብሏል።

ለታናሹ የሚናገርለት የሚስቱ ወንድም ነው። ባለፈው ታላቅየውን «ቀማኛ» ካለው ወዲህ ከአፉ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ ስድብ ሆኖ ይሰማል። እሱን ብቻ ብናስነሣ ታናሹ ተሸነፍኩ ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ተናጋሪ እንዲለውጡ ጠየቅን። ለታናሹ አክስታቸው፣ ለታላቅየው ሴት ልጁ ሊቀመጡ ነው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ዛሬ የተባለ ነገር ማንንም አያስርም፤ ሐሳብ ተዘርዝሮ እስኪያልቅም «አይሆንም» ማለት ክልክል ነው አልናቸው። ስድስት ሐሳብ ጻፍኩ። አብዛኛው የማይረባ ነበር። በመሐል ልጅቱ «አባቴ እኮ ከ1.8 በላይ በእጁ የለም» አለች። በአራት ቀጠሮ ይህን ከእሱ አልሰማንም። በታናሹ ፊት የለኝም ማለት ከብዶት ኖሯል። አክስትየዋ ወዲያው «የመንገድ ዳሩ ሱቅስ?» አሉ። በወር 12 ሺህ ብር ይከራያል።

የካቲት 9፣ እሑድ

ሦስታችን ሽማግሌዎች የራሳችንን ሐሳብ ጻፍን፦ 1.8 ሚሊዮኑ አሁን፣ የሱቁ ኪራይ ደግሞ ለሦስት ዓመት ለታናሹ። ኪራዩ 432 ሺህ ብር ይሆናል፤ ድምሩ 2,232,000። የሁለቱን ደላሎች ግምት አማካይ ወስደን ብናካፍል 2.2 ሚሊዮን ነው። ኪራዩ በየወሩ እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ ትንሿ ብልጫ ተገቢ መሰለችን።

ለየብቻ በፖስታ ሰጠናቸው። መልሱ «እሺ» ወይም «አይሆንም» ብቻ፣ ለእኛ ብቻ። አንዱ እምቢ ካለ የሌላው እሺታ ከእኛ አይወጣም። ሰው ቀድሞ እሺ ማለት የሚፈራው እሺታው ለቀጣዩ ክርክር መነሻ ስለሚሆንበት ነው። ካርተር በ1978 (እ.ኤ.አ.) ካምፕ ዴቪድ ላይ ቤጊንንና ሳዳትን ለያይተው አንዱን ረቂቅ ደጋግመው እያረሙ ያመላልሱ ነበር። እኛ ግን የቀረን አንድ ነጥብ ብቻ ስለሆነ ማረም አልፈቀድንም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

የታናሹ «እሺ» መጣ። የታላቅየው ግን «እሺ፣ ግን ሁለት ዓመት ይሁን» ይላል። ወንድምህ ተስማምቷል ብንለው ምን ያህል በቀለለን! ቃል ገብተናልና ዝም አልን። «ግን ያለበት እሺ፣ አይሆንም ማለት ነው» ብለን ወረቀቱን መልሰን እስከ እሑድ ጊዜ ሰጠነው።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ከቅዳሴ ስመለስ ልጅቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፖስታው ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል ናት፦ «እሺ»። ከሰዓት በኋላ ወንድማማቾቹ ስምምነቱን ፈረሙ፣ ሦስታችንም ምስክር ሆነን ፈረምን። የሱቁ ኪራይ ከመጋቢት 1 ጀምሮ ለታናሹ ይከፈላል።