አንዲት ፊደል እንቅልፍ ነሳችኝ

ለአዲስ ሥራ የጤና ምርመራ ታዝዤ ደም ሰጠሁ። በማግስቱ ውጤቴን ተቀብዬ ደረጃው ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ሁሉም ቁጥር ሰላም ነው፤ ሁለቱ ጎን ብቻ «ኤች» የምትል ፊደል ተለጥፋለች፤ ከፍተኛ ማለት ናት። ኤስጂኦቲ 92፣ ኤስጂፒቲ 58። ከጎናቸው ያለው መደበኛ መጠን «እስከ 40» ይላል። የጉበት ምርመራ እንደሆኑ አውቅ ነበርና፣ ምን ልበላችሁ፣ እዚያው ጉበቴን ቀበርኩት!

ሁለት ሌሊት መስታወት ፊት የዓይኔን ነጭ ስመረምር አደርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት «የወፍ በሽታ ነው» ብላ የሥር መድኃኒት ትግተኝ ነበር፤ አንዳንዱ ሥር ደግሞ ራሱ ጉበት ይጎዳል።

በሦስተኛው ቀን ላቦራቶሪ ለሚሠራው ለአክስቴ ልጅ ወረቀቱን አሳየሁት። ስለ ጉበቴ አልጠየቀኝም። «ደም ከመስጠትህ በፊት ምን ስትሠራ ነበር?» አለኝ። ከሁለት ቀን በፊት ጂም ጀምሬ፣ ፀጉሬን ማበጠር እስኪያቅተኝ ብረት አንስቻለሁ። ሳቀብኝ።

ሁለቱ ነገሮች ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። ኤስጂፒቲ ይበልጥ የጉበት ነው፤ ኤስጂኦቲ ግን ጡንቻም ውስጥ ሞልቷል። የኔ ኤስጂኦቲ በልጧል፣ ቢሊሩቢኑ ደህና ነው። «ጡንቻህ ይመስለኛል፤ ግን መጠጥም እንዲህ ያደርጋል፤ ከዚህ ወረቀት ብቻ አይለይም» ብሎ ወደ ሐኪም ላከኝ።

ለመሆኑ ያ 40 ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም ይለካና ከ100ው መካከለኞቹ 95 የሚያርፉበት ቦታ «መደበኛ» ይባላል። የቀሩት 5ቱ ጤነኞች ናቸው፤ ግን ከመስመሩ ውጪ ወድቀዋል። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎች ቢያደርግ፣ ቢያንስ አንዱ ምልክት የሚደረግበት ዕድል ከመቶ 64 ያህል ነው። መስመሩም እንደ መሣሪያው ይለያያልና የአንዱን ላቦራቶሪ ቁጥር በሌላው ወረቀት መዳኘት አይሆንም። የኔ 92 ግን 42 ወይም 43 አይደለም፤ ከእጥፍ በላይ ነው። እንዲያው በአጋጣሚ ብለው የሚያልፉት አልነበረም።

ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ኢንዛይም አስለካኝ። ከመስመሩ ብዙ እጥፍ አልፎ ተገኘ። «ብረቱን ለሁለት ሳምንት ተወው» አለኝ። የጉበት ቫይረሶቹን ምርመራም አብሮ አዘዘ። «ጡንቻዬ ከሆነ ይሄ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ተከራከርኩ። ለካስ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ይዞት ኤስጂፒቲው ከመስመር የማያልፍ ሰው አለ፤ ምልክት የሌለበት ወረቀትም ነፃ አያወጣም።

ቫይረሶቹ ኔጌቲቭ ሆኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኤስጂኦቲ 29፣ ኤስጂፒቲ 27 ገባ። ሥራውን ጀምሬያለሁ። ጂሙንም ቀስ ብዬ ቀጥያለሁ፤ ደም ልሰጥ ስል ግን ብረት ከነካሁ መቼ እንደነበር አስቀድሜ እናገራለሁ።